የውስጥ ሪፈራልን ሰው ሳያስጨንቁ መጠየቅ፦ ከቀድሞ የሥራ ባልደረባ ጋር

የሚያውቁት ሰው በሚሠራበት ድርጅት ለእርስዎ የሚስማማ ክፍት የሥራ መደብ ሲወጣ፣ ያ ሰው በውስጥ በኩል እንዲጠቁምዎት መጠየቅ ነውር የለበትም። የሚያስቸግረው አጠያየቁ ነው። ተጠያቂው እምቢ ለማለት ይሉኝታ ይዞት እሺ ካለ፣ ወይ ስምዎን ሳያምንበት በለሆሳስ ያስገባል፣ ወይ ደግሞ "አስገባለሁ" እንዳለ የማመልከቻው ቀን ያልፋል፤ በሁለቱም መንገድ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት። እዚህ የማተኩረው ብዙ ሰው በሚያጋጥመው አንድ ሁኔታ ላይ ነው፦ ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሮዎት የሠራ፣ ሥራዎን በዓይኑ ያየ፣ ከዚያ ወዲህ ግን እምብዛም ያልተገናኛችሁት ባልደረባ። ከቅርብ ወዳጅ ጋር ነገሩ በአንድ የስልክ ጥሪ ያልቃል፤ ፈጽሞ ከማያውቁት ሰው ጋር ደግሞ የተለየ መንገድ ስለሚያስፈልግ ወደ መጨረሻው አነሣዋለሁ።

ከመጠየቅ በፊት፦ ሪፈራል ምን እንደሚያስከፍል ማወቅ

ብዙ ሥራ ፈላጊዎች ሪፈራልን "ሲቪዬን ለሰው ሀብት ክፍል አድርስልኝ" ከማለት ለይተው አያዩትም። መደበኛ የጥቆማ ሥርዓት ባላቸው ድርጅቶች ውስጥ ግን ሠራተኛው በራሱ ስም አንድ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ አመልካቹን ከየት እንደሚያውቀው፣ አብረው ሠርተው እንደሆነና ለምን ያህል ጊዜ እንደሠሩ፣ ለዚህ መደብ ይመጥናል ብሎ ለምን እንደሚያምን ይጠይቀዋል። መልሱ ከስሙ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ባልደረባዎን የሚጠይቁት እንደ ምስክር ቃሉን እንዲሰጥ ነው፤ የጠቆመው ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ ቢያሳፍር ወይም ተቀጥሮ በወሩ ቢለቅ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚጠቁመው ሰው በዚያው ዓይን ይታያል። ይህን ክብደት ከጅምሩ የተረዳ ጠያቂ ቃላቱን በራሱ ይመጥናል።

በሌላ በኩል ሪፈራል የሚያስገኘውን ጥቅም ማጋነንም አይገባም። በአብዛኛው የሚያደርገው ነገር ማመልከቻዎ በቅጥር ባለሙያው ዘንድ ቀደም ብሎ እንዲታይ ማድረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ፈተናና ቃለ መጠይቅ እንደ ማንኛውም አመልካች ያልፋሉ። ባልደረባዎም አብዛኛውን ጊዜ በውሳኔው ላይ እጁ የለበትም፤ ማመልከቻው የት እንደደረሰ እንኳ ላያይ ይችላል። "አስቀጥረኝ" የሚል መንፈስ ያለው መልእክት ሰውየው በእጁ የሌለውን ነገር ስለሚጠይቀው ያስጨንቀዋል፤ "ያየኸውን መስክርልኝ" የሚል ግን በእጁ ያለውን ነው።

በዚህ ደረጃ ሦስት ነገር ያጣሩ። አንደኛ፣ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች፣ በተለይም በግልጽ ውድድር ብቻ የሚቀጥሩት፣ በሰው በኩል ለማግባባት መሞከር ከውድድር እንደሚያስወጣ በማስታወቂያው ግርጌ ይጽፋሉ፤ እዚያ ሪፈራል መጠየቅ ራስንም ባልደረባንም አደጋ ላይ መጣል ነው። ሁለተኛ፣ ባልደረባዎ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ያስቡ። ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ፣ ወይም ድርጅቱ ሠራተኛ እየቀነሰ ባለበት ወቅት የራሱ ወንበር የሚያሳስበው ሰው ቢጠየቅ እሺም እምቢም ማለት ይከብደዋል። ራሱ የቅጥር ኮሚቴው አባል ከሆነ ወይም መደቡ በእሱ ሥር ከሆነ ደግሞ ጥያቄው የጥቅም ግጭት ውስጥ ሊከተው ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ማመልከትዎን ለማሳወቅ ያህል አንድ መስመር ጽፎ መተው በቂ ነው። ሦስተኛ፣ መደቡ በእርግጥ የሚመጥንዎት መሆኑን ከማስታወቂያው መስፈርቶች ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ። ዋና ዋናዎቹን ካላሟሉ ባልደረባዎ በቅጹ ላይ የሚጽፈው ስለሚያጣ ጭንቀቱ ከዚያ ይጀምራል።

መቼና በምን ይጠየቅ

ጊዜው ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ የማመልከቻ ሥርዓቶች ሰው አስቀድሞ በራሱ ካመለከተ በኋላ የሚመጣን ጥቆማ ከማመልከቻው ጋር አያያይዙም። ስለዚህ አመልክቶ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ዋጋ ያጣል፤ በመዝጊያው ቀን ዋዜማ መጠየቅ ደግሞ ሰውን ማዋከብ ነው። ማስታወቂያው ሊዘጋ ከአንድ ሳምንት ያላነሰ ሲቀረው መጻፍ ይሻላል፤ የመዝጊያ ቀን ከሌለው ማስታወቂያውን ባዩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጻፉ፤ አንዳንድ መደቦች በቂ አመልካች ሲገኝ ይዘጋሉና።

በስልክ ደውሎ መጠየቅን አልመክርም። ድምፅ ለድምፅ ሲነጋገሩ ሰው ለማሰብ ፋታ አያገኝም፤ "እሺ" የሚለው ቃል ከአፉ የሚወጣው ዝምታው ስለከበደው ብቻ ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ ሲሆን ግን አንብቦ፣ የድርጅቱን መመሪያ አይቶ፣ ባይመቸው ቃላት መርጦ መመለስ ይችላል። የሚጽፉለትም በግል ስልኩ ወይም በግል አድራሻው ቢሆን ይመረጣል። የመሥሪያ ቤት ኢሜይሉን ይተዉት፤ የሥራ ደብዳቤውን ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ አንድ ልማድ አለ። ጠያቂው "ሰላም ነህ? ጠፋህ እኮ!" ብሎ ይጽፍና መልስ ይጠብቃል፤ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጤና ሁለት ሦስት ቀን ይጻጻፋል፤ ከዚያ በአራተኛው መልእክት ሲቪው ይመጣል። ጠያቂው ይህን እንደ ትሕትና ያየዋል፤ ተቀባዩ ግን ናፍቆቱ ሁሉ ለዚህ ኖሯል እንዴ ብሎ ያዝናል፤ ከሞቀ ሰላምታ በኋላ እምቢ ማለትም እጥፍ ድርብ ይከብደዋል። ረጅም ጊዜ ከተለያያችሁ፣ ጉዳዩ በመጀመሪያው መልእክት፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ባለው ዓረፍተ ነገር ይነገር።

መልእክቱን መጻፍ

አንድ ጉዳይ ይዘን እንመልከት። የሒሳብ ባለሙያ የሆነች ሥራ ፈላጊ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ ዓመት ያህል አብሯት ይሠራ የነበረ ባልደረባዋ አሁን በሚሠራበት ድርጅት የፋይናንስ ተንታኝ መደብ መውጣቱን አየች። ማስታወቂያው በወሩ 24ኛ ቀን ይዘጋል፤ እሷም በ14ኛው ቀን እንዲህ ስትል ጻፈችለት፦

"ሰላም፣ እንደምን ከረምክ? ከተጻጻፍን ስለቆየን በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ የምጽፍልህ ስለ ሥራ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ የፋይናንስ ተንታኝ እንደሚፈልግ አይቼ ለማመልከት ወስኛለሁ፤ የማስታወቂያውን ሊንክና የመደቡን መለያ ቁጥር ከታች አስቀምጬልሃለሁ። የወርሃዊ ሒሳብ መዝጊያውን አብረን ስንሠራ ባየኸው መጠን፣ በሠራተኛ ጥቆማ በኩል ልታስገባኝ ይመችህ እንደሆነ ልጠይቅህ ነው። እሱ ባይመችህም ጥቆማ እናንተ ጋ እንዴት እንደሚሠራ ብትነግረኝ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ክፍሉን ካላወቅኸው ወይም በዚህ ሰሞን ሰው መጠቆም የማይሆንልህ ከሆነ፣ ምክንያቱን ማስረዳት አይጠበቅብህም። እኔ በ21 ማመልከቻዬን በራሴ አስገባለሁ፤ እስከዚያ ካልጻፍክልኝ እንዳልተመቸህ እረዳለሁ፤ ቅርም አልሰኝም።"

ይህ መልእክት በስክሪን ላይ አንድ ገጽ አይሞላም፤ ሆኖም ውስጡ ብዙ ተሠርቶበታል። "ለማመልከት ወስኛለሁ" የሚለው ሐረግ ሥራው በእሱ እሺታ ላይ የተንጠለጠለ እንዳልሆነ ይነግረዋል፤ እሱ እምቢ ቢል የሚዘጋ በር የለም። "ባየኸው መጠን" የሚለው የምስክርነቱን ወሰን ስለሚያበጅ፣ ያላየውን እንዲያወድስ አያስገድደውም። ከዚያ ከዋናው ጥያቄ ዝቅ ያለ ሌላ አማራጭ ተቀምጧል፤ ሰው ትልቁን መስጠት ሲያቅተው ትንሹን ሰጥቶ ፊቱን ሳያጠቁር የሚወጣበት መንገድ ይፈልጋልና። እምቢታውን ምክንያት ከማቅረብ ግዴታ ነጻ ማድረጓም ከሁሉ በላይ ይረዳዋል፤ ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያስጨንቀው እምቢ ማለቱ ሳይሆን ሰበብ መፈለጉ ነው።

ቀኑን አጻጻፏንም ልብ ይበሉ። "እስከ 21 ድረስ አሳውቀኝ" ብላ ቢሆን ኖሮ ቀኑ በእሱ ላይ የተጣለ ግዴታ በሆነ ነበር። እሷ ግን ቀኑን የራሷ ሥራ ቀን አደረገችው፤ ከመዝጊያው ሦስት ቀን የቀደመውም ለራሷ መጠባበቂያ እንዲሆን ነው። ዝምታን አስቀድማ ተርጉማ ስላስቀመጠችለት ዝም ቢል እንኳ ያጠፋው ጥፋት አይኖርም።

በመልእክቱ ውስጥ ሆን ተብለው የቀሩ ነገሮችም አሉ። ሲቪው አልተያያዘም፤ ሰው እሺ ሳይል የሚላክ ሲቪ ሥራው እንደተጀመረ ያህል ይቆጠራል። ያኔ ያደረገችለት ውለታ አልተነሣም። የቤት ኪራይ፣ ሥራ አጥ ሆና የቆየችበት ጊዜ፣ "ያለ አንተ ማንም የለኝም" የሚል ቃልም የለም፤ እነዚህ እውነት ቢሆኑም ጥያቄውን ከሙያ ምስክርነት ወደ ምጽዋት ይቀይሩታል። ብዙ ድርጅቶች ጠቋሚው ያመጣው ሰው ተቀጥሮ ጥቂት ወራት ከቆየ ቦነስ ይከፍላሉ፤ እሱንም ማንሣት ጥሩ አይደለም፤ ሰውየው ካለ ያውቀዋል፣ ከጠያቂው አፍ ሲወጣ ግን ማባበያ ይመስላል። ገንዘብ ልስጥህ ማለት ደግሞ ፈጽሞ የማይታሰብ ነው፤ በገንዘብ የተገኘ ጥቆማ ሲደረስበት ጠቋሚውን ሥራውን ሊያሳጣው ይችላል።

ሁለት ተጨማሪ የማስጨነቂያ መንገዶች አሉ፤ ሰዎች ግን እንደ ማስጨነቅ አይቆጥሯቸውም። አንዱ በሰው ማስጠየቅ ነው፦ አለቃው የነበረ ሰው፣ ታላቅ ወንድሙ፣ ወይም እምቢ የማይለው ዘመድ እንዲነግርለት ማድረግ። ጥያቄው እርስዎ ከሚያክሉት በላይ ከብዶ ይደርሰዋል፤ እምቢታውም ለሦስተኛ ወገን መልስ የሚሰጥበት ጉዳይ ይሆናል። ሌላው በዚያው ድርጅት ውስጥ ላሉ ሦስት አራት ሰዎች በአንድ ጊዜ መጻፍ ነው። አንዳንዱ ሥርዓት ቀድሞ የገባውን ጥቆማ ብቻ ስለሚይዝ፣ ዘግይቶ ያስገባው ሰው ሲሞክር ስምዎ አስቀድሞ መግባቱን ያያል፤ ደክሞ የሞላው ቅጽ ከንቱ ይቀራል፣ እርስዎም በሁሉም በር እንደሚያንኳኩ ይታወቃል። አንድ ሰው ጠይቀው የቆረጡት ቀን ካለፈ በኋላ ሌላውን ቢጠይቁ ግን ነውር የለውም።

መልሱን ማንበብ

ግልጽ እሺታና ግልጽ እምቢታ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። የሚያስቸግረው በመካከል ያለው ነው። "እስቲ ልየው"፣ "እሺ ሲቪውን ላክልኝ"፣ "እዚህ ሰሞኑን ነገሩ ጥሩ አይደለም እኮ" የሚሉ መልሶች እንደየሰዉ እሺታም እምቢታም ሊሆኑ ይችላሉ። መለያው ዝርዝር ነገር መጠየቁ ነው። በእርግጥ ሊያስገባ ያሰበ ሰው የመደቡን ቁጥር ይጠይቃል፣ በየትኛው ኢሜይል እንደሚያመለክቱ ማወቅ ይፈልጋል፣ ወይም "ቅጹ አብረን ስንት ጊዜ እንደሠራን ይጠይቃል" ይላል። "ላክልኝ" ብቻ ብሎ ዝም ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ወሬውን በጨዋነት እየዘጋ ነው። ሲቪውን ይላኩለት፤ ከሱ ጋር "ቅጹን መሙላት ባይመችህ በ21 በራሴ አስገባለሁ፣ ምንም አይደለም" የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ፤ ከዚያ በኋላ አይጠይቁት። በሁለተኛው ቀን "አየኸው?"፣ በአራተኛው ቀን "አስታወስከኝ?" ማለት በመጀመሪያው መልእክት የሰጡትን ነጻነት መልሶ መንጠቅ ነው።

በያዝነው ጉዳይ ባልደረባው በማግሥቱ እንዲህ ሲል መለሰ፦ "ደስ ይለኛል፤ ግን ቅጹ የበጀት ትንበያ ላይ ያለሽን ልምድ ይጠይቃል፣ እኔ ያየሁት የሒሳብ መዝጊያውን ብቻ ነው።" ይህ መልስ ግማሽ እሺታ ነው፤ ሰውየው የሚያሳስበውን በግልጽ ተናግሯል። ብዙ ጠያቂዎች እዚህ ላይ "ችግር የለውም፣ ትችላለች ብለህ ጻፍ" ይላሉ፤ ያን ጊዜ ባልደረባው ባላየው ነገር እንዲፈርም እየተጠየቀ ነው። እሷ ግን "ያየኸውን ብቻ ጻፍ፤ የትንበያውን ልምዴን ከአንተ በኋላ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ስላገኘሁት ሲቪዬ ላይ አለ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ እነሱ ይጠይቁኛል" አለችው። ጭንቀቱ እዚያው ቀለለ።

እሺ ካለ በኋላ ሥራውን ማቅለል

እሺ ያለን ሰው መረጃ ፍለጋ ማመላለስም ሌላ ጫና ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ መልእክት ይላክ፦ በሲቪዎ ላይ ያለው ሙሉ ስም፣ የሚያመለክቱበት ኢሜይልና ስልክ፣ የመደቡ መጠሪያና መለያ ቁጥር፣ በፒዲኤፍ የተዘጋጀ ሲቪ፣ እንዲሁም አብራችሁ ስለሠራችሁት ሥራ ከሦስት እስከ አራት ዓረፍተ ነገር። ይህ የመጨረሻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። "ታታሪና ታማኝ ናት" ብሎ የተዘጋጀ ውዳሴ መላክ ሰውን የሌላ ሰው ቃል እንዲያነብ ማድረግ ነው። ይልቁን እሱ የነበረበትን ክስተት ያስታውሱት፦ "የሒሳብ መዝጊያው አሥር ቀን ይፈጅ በነበረ ጊዜ፣ የባንክ ማስታረቂያውን በየሳምንቱ እንድንሠራ ሐሳቡን እኔ አቅርቤ፣ በሦስተኛው ወር ወደ ስድስት ቀን መውረዱን ታስታውሳለህ።" ይህን አንብቦ በራሱ ቃል ይጽፈዋል፤ የተለየ ትዝታ ካለውም ያርመዋል።

ቅጹ ከገባ በኋላ በብዙ ሥርዓቶች ለአመልካቹ አንድ ሊንክ በኢሜይል ይመጣል፤ ማመልከቻውም በዚያ ሊንክ በኩል መሞላት አለበት። ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። ከዓመታት በፊት በሌላ ኢሜይል በዚያው ድርጅት የማመልከቻ ገጽ ላይ አካውንት ከፍተው ከነበረና አሁን በዚያ ከገቡ፣ ጥቆማው ከአዲሱ ማመልከቻ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ባልደረባዎ ያስገባው ኢሜይልና እርስዎ የሚያመለክቱበት ኢሜይል አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ሊንኩ በአንድ ሁለት ቀን ካልመጣ በመጀመሪያ የአላስፈላጊ መልእክቶችን ማኅደር ይመልከቱ፤ እዚያም ከሌለ ባልደረባዎን አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ሊንኩ አልደረሰኝም፤ ኢሜይሉ ይህ መሆኑን ልታይልኝ ትችላለህ?" ብለው መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ የተጨበጠ ጥያቄ ስለሆነ አያስጨንቅም። ሳይመጣ የቆረጡት ቀን ከደረሰ በራስዎ ያመልክቱ፤ ቅጹ "ከድርጅቱ ሠራተኛ የጠቆመዎት አለ ወይ" የሚል ጥያቄ ካለውና ባልደረባዎ ከፈቀደ ስሙን እዚያ ያስገቡ። ሳይፈቅድ ስሙን መጻፍ ግን በሌላ በር ገብቶ ማስገደድ ነው።

ከማመልከቻው በኋላ

ማመልከቻው እንደገባ አንድ አጭር የምስጋና መልእክት ይላኩና ያቁሙ። ከዚህ በኋላ ማመልከቻው የት እንደደረሰ የሚጠየቀው የቅጥር ባለሙያው ወይም የሰው ሀብት ክፍሉ ነው። ባልደረባዎ "እስቲ ምን እንደሚሉ ጠይቅልኝ" ከተባለ፣ የማያገባው ክፍል ሄዶ ሥራ እንዲያስፈጽም እየተላከ ነው። ቃለ መጠይቅ ከተጠሩ ማሳወቅ መልካም ነው፤ የቃለ መጠይቁን ጥያቄዎች ግን አይጠይቁት። ስለ ቡድኑ አሠራር በአጠቃላይ ቢነግርዎ ጥሩ፤ ጥያቄ አውጡልኝ ማለት ግን ታማኝነቱን የሚፈትን ነው።

ሳያልፉ ቢቀሩ ውጤቱን እርስዎ ቀድመው ይንገሩት፤ "ለምን እንደጣሉኝ አጣራልኝ" የሚል ነገር አይጨምሩበት። አልፈው ሥራውን ላለመቀበል ከወሰኑም ባልደረባዎ ከእርስዎ ይስማው፤ ለድርጅቱ እምቢታዎን በሚልኩበት ቀን፣ ከመላክዎ በፊት ይጻፉለት። ይህን የዘነጋ ሰው ከዚያ ሰው ሁለተኛ ጥቆማ አያገኝም።

ፈጽሞ የማያውቁት ሰው ሲሆን

በሊንክድኢን ብቻ የተገናኙትን ሰው በመጀመሪያ መልእክት ሪፈራል መጠየቅ ትርጉሙ ያላየውን እንዲመሰክር መጠየቅ ነው። አንዳንድ ድርጅቶች ለእንዲህ ዓይነቱ ትውውቅ "በግል አላውቀውም" የሚል ምርጫ በቅጹ ላይ ያስቀምጣሉ፤ እንዲህ ያለው ጥቆማ ክብደቱ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ስለ መደቡ በአምስት ደቂቃ ሊመለስ የሚችል አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፦ ለምሳሌ፣ ማስታወቂያው ላይ የተጠቀሰው ሪፖርት በቡድኑ ውስጥ ይሠራል ወይስ ከሌላ ክፍል ይመጣል? የሚያውቀው ከሆነ ይመልስልዎታል፤ ከውይይቱ በኋላ ሊጠቁምዎት ከወደደ ደግሞ ራሱ ያነሣዋል። ካላነሣው ያገኙትን መረጃ ይዘው በራስዎ ያመልክቱ።

ያልመለሰልዎትን የቀድሞ ባልደረባ በሌላ ጊዜ ሲያገኙት ጉዳዩን አያንሡበት፤ "ጽፌልህ ነበር እኮ" የምትል ቀልድም ብትሆን። ራሱ ይቅርታ ከጠየቀ "አስቀድሜ ነግሬህ የለ፣ ምንም አይደለም" ብለው ወደ ሌላ ወሬ ይሻገሩ። በዚያው ድርጅት ሌላ መደብ ሲወጣ ደግሞ ወደ ሌላ የሚያውቁት ሰው ይሂዱ ወይም በራስዎ ያመልክቱ፤ እሱን ዳግመኛ የሚጠይቁት ራሱ "መደብ ሲወጣ ንገረኝ" ካለዎት ብቻ ነው።